የእህትማማች ከተሞች ስምምነት፦ ከተፈረመ በኋላ ማንን ያስገድዳል?

ማኅደር

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ ከተማ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ነው። ከንቲባው ከአንድ የውጭ አገር ከተማ ጋር የእህትማማችነት ስምምነት ሊፈርሙ ነው። ረቂቁ እጄ ገብቷል። ለምክር ቤቱ አባላት ማብራሪያ እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ።

አባላቱ ለሁለት ተከፍለዋል። ገሚሱ «ይሄ ዓለም አቀፍ ስምምነት ስለሆነ ከእኛ ሥልጣን በላይ ነው» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ለፎቶ የሚፈረም ወረቀት ነው፣ በሱ ላይ ጊዜ አናጥፋ» ባይ ነው። ሁለቱም ልክ አልመሰሉኝም። ግን ለምን እንደሆነ በሥርዓት ማስረዳት አቅቶኛል።

ረቂቁ አጭር ነው። መጀመሪያ በባህል፣ በትምህርትና በንግድ እንተባበራለን ይላል። ቀጥሎ በየዓመቱ 10 ወጣቶች እንለዋወጣለን፣ ወጪያቸውን ተቀባዩ ከተማ ይሸፍናል ይላል። ከዚያ ሁለቱ ከተሞች «አንዱ የሌላውን መንግሥት የውጭ ፖሊሲ ይደግፋል» የሚል አንቀጽ አለ። ጊዜው 5 ዓመት ነው፣ ካለቀ በኋላ በራሱ ይታደሳል። ስለ ማቋረጥ የተጻፈ ነገር የለም።

ይህ ነገር ሕጋዊ ክብደት አለው ወይስ የለውም? ካለው የትኛው ክፍል ላይ ነው ያለው?

---

ቢኒ ነኝ

እህቴ፣ ራስሽን አታስጨንቂ። ምንም ክብደት የለውም። ማንም ከተማ በእህትማማችነት ስምምነት ተከስሶ ካሳ ሲከፍል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ኦሳካና ሳንፍራንሲስኮን ተመልከቺ። ከ1957 ጀምሮ እህትማማቾች ነበሩ (ዓመቱን በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። በ2017 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ በጦርነቱ ጊዜ የጃፓን ጦር ለወሲብ ባርነት የዳረጋቸውን ሴቶች የሚያስታውስ ሐውልት ቆመ። ከተማዋም ሐውልቱን የራሷ ንብረት አድርጋ ተቀበለች። የኦሳካ ከንቲባ ሂሮፉሚ ዮሺሙራ ተቆጡ። በ2018 ኦክቶበር ላይ ደብዳቤ ጻፉና ግንኙነቱን አቋረጡት። በቃ። ከ60 ዓመት በላይ የቆየ ነገር በደብዳቤ ነው ያለቀው። ፍርድ ቤት የለ፣ ቅጣት የለ፣ ካሳ የለ።

አስገዳጅ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ ይፈርስ ነበር?

---

ዳኛቸው የሕግ

ቢኒ ያነሳው ታሪክ እውነት ነው። መደምደሚያው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የቆመው። ለብዙ ዓመታት የአካባቢ መስተዳድር ውሎችን ሳገላብጥ ስለኖርኩ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

በመጀመሪያ «ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው» ለሚሉት አባላት። አይደለም። በአገሮች መካከል የሚደረጉ ስምምነቶችን የሚገዛው የ1969ኙ የቪየና ኮንቬንሽን ስለ መንግሥታት ነው የሚናገረው። ከተማ መንግሥት አይደለችም። በራሷ ፊርማ አገርን ልታስገድድ አትችልም። ስለዚህ ይህ ሰነድ ወደ ፓርላማ ሄዶ የሚጸድቅ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት መዝገብ ላይም አይሰፍርም።

ታዲያ ውል ነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ሰነዱን እንደ አንድ ነገር አትዪው፣ ማኅደር። አንቀጽ በአንቀጽ እዪው። «በባህል እንተባበራለን» የሚለውን ማንም ዳኛ ሊያስፈጽመው አይችልም። ምን ያህል? መቼ? በማን ወጪ? መልስ የለውም። ፈራሚዎቹም ቢሆኑ በዚህ ለመገደድ አላሰቡም።

የወጣቶቹ አንቀጽ ግን ሌላ ነው። ቁጥር አለው፣ 10። ጊዜ አለው፣ በየዓመቱ። ከፋይ አለው፣ ተቀባዩ ከተማ። እዚያው አጭር ረቂቅ ውስጥ የውል መልክ ያለው አንቀጽ ተሰክቷል ማለት ነው። ሌላኛው ከተማ ወጣቶቹን ልኮ እናንተ «በጀት የለንም» ብትሉ ቢያንስ የሚከራከርበት ነገር በእጁ አለ።

ይከስሳል ወይ? አይመስለኝም። በየትኛው አገር ሕግ እንደሚዳኝ አልተጻፈም። የት እንደሚከሰስም አልተጻፈም። የውጭ ከተማን መክሰስ ራሱ ችግር ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ የ1976ቱ የውጭ መንግሥታት ያለመከሰስ ሕግ የአንድ አገር ከተማን ከዚያ አገር መንግሥት ጋር አንድ አድርጎ ነው የሚያየው። ስለዚህ እንደ ንግድ ሥራ ያሉ ልዩ ሁኔታዎች ካልተገኙ በስተቀር ክሱ ገና በሩ ላይ ይቆማል።

እንግዲህ ከውጭ የሚመጣው አደጋ ትንሽ ነው። ዋናው ክብደት ያለው ከውስጥ፣ በገዛ አገርሽ ሕግ ላይ ነው። ከተማዋ ይህን የመፈረም ሥልጣን አላት? ማን ፈቀደ? ገንዘቡ ከየት ይወጣል? እነዚህ ጥያቄዎች ፍርድ ቤትም ኦዲተርም የሚያነሳቸው ናቸው።

---

ሰላም ትሬዲንግ

ይቅርታ፣ ላቋርጣችሁ። እኔ ትንሽ አስመጪ ድርጅት አለኝ። ከተማችን ከአንድ የውጭ ከተማ ጋር እህትማማች ከሆነች ቆየች። እዚያ የወጣ ጨረታ ላይ መሳተፍ ፈልጌ ነበር። እንደ አገር ውስጥ ተጫራች እቆጠራለሁ? ቪዛውስ ይቀላል? ስምምነቱ «የንግድ ማኅበረሰቦቻቸውን ያቀራርባሉ» ይላል።

---

ዳኛቸው የሕግ

ሰላም፣ በአጭሩ አይሆንም። ቪዛ የሚሰጠው አገር ነው። ከተማ በዚያ ላይ ሥልጣን የላትም፣ ስለዚህ የሌላትን ልትሰጥሽ አትችልም። ጨረታም በግዥ ሕግ ነው የሚመራው። እህትማማች ስለሆናችሁ ብሎ ነጥብ የጨመረልሽ ኮሚቴ ቢኖር ተሸናፊው ይግባኝ ብሎ ያሰርዘዋል።

ልታገኚ የምትችይው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። የከተማው የውጭ ግንኙነት ክፍል ይጽፍልሻል። ኤምባሲው ሊያነበው ይችላል፣ አይገደድበትም።

---

እማማ ፋይል

ማኅደር ልጄ፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ረጅም ዘመን የውጭ ግንኙነት ክፍል ውስጥ ነው የሠራሁት። ዳኛቸው ሕጉን በደንብ ነግሮሻል። እኔ አሠራሩን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ክብደቱ የሚፈጠረው በአሠራሩ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው በፍላጎት መግለጫ ደብዳቤ ነው። ያኛው ምንም አያስይዝም። ከዚያ አንዳንዶች «የወዳጅነት ከተማ» የሚሉት መለስተኛ ደረጃ አለ። በመጨረሻ ነው እህትማማችነት የሚመጣው። ሦስቱን ደረጃዎች ያዘዘ ዓለም አቀፍ ሕግ የለም፣ ልማድ ነው። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ሁለቱ ቢሮዎች ለደብዳቤ እንኳ መልስ የማይሰጣጡ መሆናቸው የሚታወቀው በዚያ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ነገር የምክር ቤት ውሳኔ ነው። ጃፓኖች ጥሩ መለኪያ አላቸው። የአካባቢ መስተዳድሮቻቸውን ዓለም አቀፍ ግንኙነት የሚያግዘው ክሌር የሚባለው ምክር ቤት አንድን ግንኙነት እህትማማችነት ብሎ የሚቆጥረው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። በሁለቱ ከተሞች ኃላፊዎች የተፈረመ ሰነድ መኖር አለበት። ግንኙነቱ በአንድ ዘርፍ ብቻ መታጠር የለበትም። በሆነ መልኩ የምክር ቤት ይሁንታ ማግኘት አለበት። የመጨረሻው ለምን ተጨመረ? ገንዘብ ስለሚወጣበት ነው።

ምክር ቤቱ ያላየው ፊርማ የከንቲባው ፊርማ ብቻ ነው። ከንቲባ ሲቀየር አዲሱ ሰው «እኔ አላውቀውም» ይላል። ማንም ምንም አይለውም። የምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር ካለው ግን ፋይሉ ይኖራል። በጀት ሲጠየቅ የሚጠቀሰው ያ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዎች ሲስተር ሲቲስ ኢንተርናሽናል ላይ መመዝገብን ከሕግ ጋር ያምታቱታል። ድርጅቱ መነሻው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1956 የጀመሩት የሕዝብ ለሕዝብ ዲፕሎማሲ ነው። ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። መዝገቡ ላይ መስፈር እውቅና ነው። ግዴታ አይፈጥርም፣ ሥልጣንም አይጨምርም።

---

ማኅደር

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዳኛቸውም አመሰግናለሁ። አሁን የሚያስጨንቀኝ የውጭ ፖሊሲው አንቀጽ ነው። ሌላኛው ከተማ አጥብቆ የያዘው እሱን ነው። «ባዶ ቃል ነው፣ ይግባላቸው» ብለውኛል አለቃዬ። ባዶ ቃል ከሆነ ለምን ይሟገቱለታል?

---

እማማ ፋይል

ያ አንቀጽ ባዶ አይደለም፣ ልጄ። የፕራግና የቤጂንግን ነገር በዝርዝር ልንገርሽ። ከሱ የተሻለ ትምህርት አላውቅም።

በ2016 የፕራግ ከተማ ከቤጂንግ ጋር ተፈራረመች። ስምምነቱ እንደ ሌላው ሁሉ ስለ ባህል፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ቱሪዝም ነበር። ግን አንድ አንቀጽ ላይ ፕራግ «አንድ ቻይና» የሚለውን ፖሊሲ እንደምታከብር ተጻፈ። ይህም ታይዋን የቻይና አካል ናት ከሚለው ጋር የተያያዘ ነው። ሲፈረም ብዙም ሰው ልብ አላለውም።

በ2018 መጨረሻ ከንቲባ ተቀየረ። አዲሱ ከንቲባ ዝዴኒየክ ህርዢብ «ይህ የውጭ ፖሊሲ ነው፣ የከተማ ሥራ አይደለም፣ አንቀጹ ይውጣልን» አሉ። ስምምነቱ ይቅር አላሉም። አንድ አንቀጽ ብቻ ይነሳልን ነው ያሉት። ቤጂንግ እምቢ አለች። በ2019 ኦክቶበር የፕራግ አስተዳደር ስምምነቱ እንዲቋረጥ ወሰነ። በቀናት ውስጥ ቤጂንግም በራሷ በኩል ማቋረጧን አስታወቀች።

አሁን ምን እንደተከተለ ተመልከቺ። የከሰሰ የለም። ግን በዚያው ዓመት ስማቸው ከፕራግ ጋር የተያያዘ ኦርኬስትራዎችና የሙዚቃ ቡድኖች የቻይና ጉዟቸው ተሰረዘ። ሙዚቀኞቹ ስምምነቱን አልፈረሙም። አንቀጹን ያነበቡትም አይመስለኝም። የከፈሉት ግን እነሱ ናቸው። በ2020 ጃንዋሪ ፕራግ ከታይፔ ጋር ተፈራረመች። ሻንጋይም በዚያው ወር ከፕራግ ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች።

እንግዲህ «ሕጋዊ ክብደት የለውም» ማለት «ዋጋ አያስከፍልም» ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ አንቀጽ አንዴ ከገባ በኋላ ማውጣቱ ራሱ እንደ ፖለቲካ እርምጃ ይቆጠራል። ባይገባ ኖሮ ማንም «ለምን አልገባም» ብሎ አይጣላም ነበር። ስለዚህ አሁን፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ አስወጪው።

---

ቢኒ ነኝ

እማማ፣ በአክብሮት፣ ይሄ ያልኩትን ነው የሚያጠናክረው። ፖለቲካ ነው። ሕግ የት ገባ? ኮንሰርት ተሰረዘ ማለት ሕግ ተጣሰ ማለት አይደለም።

---

ዳኛቸው የሕግ

ቢኒ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ካየኸው ልክ ነህ። በከተማዋና በገዛ መንግሥቷ መካከል ግን ሕጉ በደንብ ይገባል። ሁለት አገሮችን ልንገርህ።

ፈረንሳይ ከ1992 ጀምሮ ለአካባቢ መስተዳድሮች ከውጭ አቻዎቻቸው ጋር ስምምነት እንዲያደርጉ በሕግ ፈቅዳለች። ቅድመ ሁኔታው የአገሪቱን ዓለም አቀፍ ግዴታዎች እንዲያከብሩ ነው። የመንግሥት ተወካይ የሆነው ፕሬፌ ስምምነቱ ሕግ የጣሰ ከመሰለው ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይወስደዋል። ከፓሪስ በስተሰሜን ያለችው አርኑቪል በናጎርኖ ካራባክ ካለች መንደር ጋር የወዳጅነት ቻርተር ፈርማ ነበር። ፈረንሳይ ደግሞ ለዚያ አካባቢ እንደ አገር እውቅና አልሰጠችም። በ2019 የሰርዢ ፖንቷዝ አስተዳደር ፍርድ ቤት ቻርተሩን ሰረዘው። ሌሎች የፈረንሳይ ከተሞችም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸዋል።

ልብ በል፣ ቻርተር ነው። የወዳጅነት ቃል ነው። ገንዘብም ቅጣትም የለበትም። ግን የአንድ የመንግሥት አካል ድርጊት ስለሆነ ዳኛ ፊት ቀረበ። በውል ሕግ ዓይን ምንም ያልሆነ ወረቀት በአስተዳደር ሕግ ዓይን ሊሰረዝ የሚችል ውሳኔ ነው።

አውስትራሊያ ደግሞ በ2020 ስለ ክልሎችና የውጭ ግንኙነቶቻቸው ሕግ አወጣች። የከተማ ምክር ቤቶችም በውስጡ አሉበት። የእህትማማችነት ስምምነቶችም ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትር መታወቅ አለባቸው። ከሁሉ የሚገርመኝ ሕጉ «አስገዳጅ ሆነም አልሆነም» ስምምነቱን ይመለከታል ማለቱ ነው። ሕግ አውጪው ቢኒ የሚለውን ክርክር አስቀድሞ አይቶታል። «አስገዳጅ አይደለም፣ አይመለከታችሁም» የሚለውን በር ዘግቶታል። ሚኒስትሯ ማሪስ ፔይን በ2021 አፕሪል አራት የቪክቶሪያ ክልል ስምምነቶችን ሰረዙ። ከአራቱ መካከል የእህትማማች ከተሞች ስምምነት አልነበረም። ሁለቱ ከቻይናው የቤልት ኤንድ ሮድ የመሠረተ ልማት እቅድ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ሥልጣኑ ግን በከተሞች ስምምነት ላይም ያው ነው።

ስለዚህ ማኅደር፣ ለምክር ቤቱ «አስገዳጅ ነው ወይ?» በሚለው ጥያቄ ብቻ አትቁሚ። «ከመፈረማችን በፊት ለማን ማሳወቅ አለብን?» የሚለው የበለጠ ይጠቅማቸዋል። የየአገሩ መልስ ይለያያል። አንዳንዱ ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ማሳወቅ ብቻ ይበቃዋል፣ አንዳንዱ ምንም የተጻፈ ነገር የለውም።

---

ተስፋ በሕክምና

እኔም የደረሰብኝን ላካፍል፣ ከጉዳዩ ጋር ይገናኛል። አንድ የጤና ተቋም ውስጥ ንብረት ክፍል ነበርኩ። እህት ከተማችን ያገለገሉ የሕክምና አልጋዎችና አንድ አምቡላንስ ላከችልን። ጉምሩክ ላይ ደርሶ ቆመ። «ስጦታ ነው፣ እህትማማች ነን» ብለን የስምምነቱን ኮፒ ይዘን ሄድን። ባለሙያው አየውና መለሰልን። ንብረቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳይ ምንም ነገር የለውም አለን። ልክ ነበር፣ ስምምነቱ «በጤና እንተባበራለን» ብቻ ነው የሚለው።

የስጦታ ሰነድ እስኪላክ፣ የቀረጥ ነፃ ጥያቄ እስኪጸድቅ፣ የመጋዘን ኪራይ ቆጠረ። ያንን ኪራይ ማን ይክፈል ተብሎ ሌላ ጭቅጭቅ መጣ። ላኪው «እኛ ሰጥተናል» አለ። ከተማው «ለጤና ተቋሙ ነው» አለ። ተቋሙ «እኛ አልፈረምንም» አለ። አምቡላንሱ ከገባ በኋላ ደግሞ ሊብሬው በማን ስም ይውጣ የሚለው መጣ።

---

እማማ ፋይል

ተስፋ፣ ይህ የሁላችንም ታሪክ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን ሁሌም ዘግይቶ ነው የሚታሰበው። የእህትማማችነቱ ሰነድ ጃንጥላ ነው። ዕቃ፣ ገንዘብ ወይም ሰው ሲንቀሳቀስ ለዚያ ብቻ የሚሆን ሌላ ሰነድ ያስፈልጋል። ለአምቡላንሱ የስጦታ ውል ይጻፋል። ሰጪው ማን ነው? ተቀባዩ በስም የትኛው ተቋም ነው? የማጓጓዣ፣ የመጋዘንና የጉምሩክ ወጪ በማን ላይ ነው? ንብረቱ የሚተላለፈው ወደብ ላይ ነው ወይስ ግቢ ሲደርስ? ይህ ወረቀት እውነተኛ ውል ነው። ፍርድ ቤት ያነበዋል፣ ጉምሩክም ያነበዋል።

ማኅደር፣ የአንቺም የ10 ወጣቶች ነገር እዚህ ነው የሚገባው። ቁጥሩና ወጪው ከዋናው ስምምነት ይውጣ። በየዓመቱ በሚፈረም የሥራ እቅድ ውስጥ ይግባ። ዘንድሮ በጀት ካለ 10 ይጻፋል፣ ከሌለ 4 ይጻፋል።

---

ማኅደር

ይሄ በጣም ገብቶኛል። የበጀት ኃላፊው ግን ሌላ ነገር አለኝ። «ምክር ቤቱ ስምምነቱን ካጸደቀ ገንዘቡንም አጽድቋል ማለት ነው» አለ። እንደዚያ ነው?

---

ዳኛቸው የሕግ

አይደለም። ይህንን ኦዲተሮች ናቸው የሚይዙት። ስምምነትን ማጽደቅ «ከዚች ከተማ ጋር ግንኙነት ይኑረን» ማለት ነው። ገንዘብ የሚወጣው በበጀት አዋጅ በተፈቀደ መደብ ብቻ ነው። የአውሮፕላን ቲኬት ተገዝቶ ደጋፊ ሰነዱ የእህትማማችነት ስምምነት ብቻ ከሆነ ግኝት ሆኖ ይጻፋል።

በሌሎች ከተሞች ሰነዶች ውስጥ አዘውትሬ የማየው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። የትብብሩ ሥራዎች የሚፈጸሙት እያንዳንዱ ከተማ በዓመቱ ባለው በጀትና በራሱ ሕግ መሠረት ነው ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጠቀሜታ አለው። ከውጭ ለሚመጣ ጥያቄ መልስ ይሆናል። የውስጥ ሠራተኛም «ተፈርሟል፣ ክፈሉ» እንዳይል ያደርጋል። ረቂቁ ውስጥ ከሌለ ጨምሩት። ጎኑ ደግሞ ሌላ ዓረፍተ ነገር አስገቡ። ይህ ሰነድ በየትኛውም ወገን ላይ በሕግ የሚጠየቁበት ግዴታ አይፈጥርም የሚል።

---

ቢኒ ነኝ

እና እኔ ምን አልኩ? ያልኩትን ነው ሰነዱ ውስጥ ጻፉት የምትሉት።

---

ዳኛቸው የሕግ

ልዩነቱ፣ አንተ ስላልተጻፈም የለም ትላለህ። እኔ ካልተጻፈ ሊያከራክር ይችላል ነው የምለው። ያ ዓረፍተ ነገር ቢኖርም እንኳ የፈረንሳዩን ዳኛ አያስቆመውም፣ የአውስትራሊያን ሚኒስትርም አያስቆምም። የሚዘጋው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የውል ክርክር ብቻ ነው።

---

ሐና ምክር ቤት

እኔ የቀድሞ የምክር ቤት አባል ነኝ። አንድ ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። ቢኒ የኦሳካውን ከንቲባ አነሳ። ከንቲባው በደብዳቤ አቋረጡት። የሳንፍራንሲስኮዋ ከንቲባ ለንደን ብሪድ ግን በሁለቱ ከተሞች ሕዝብ መካከል ያለን ግንኙነት አንድ ከንቲባ ብቻውን ሊያቋርጠው አይችልም ብለው ነበር የመለሱት። እኔ ከሳቸው ጋር ነኝ። ምክር ቤት ያጸደቀውን ከንቲባ በደብዳቤ የማፍረስ መብት ከየት ያገኛል?

---

ዳኛቸው የሕግ

ሐና፣ ብሪድ ያሉት ትክክለኛ የፖለቲካ ንግግር ነው። በሕግ ግን አንድ ወገን አልፈልግም ካለ ግንኙነቱን በግድ የሚያስቀጥል ኃይል የለም። በሌላኛው ወገን መዝገብ ላይ ስሙ ሊቆይ ይችላል። ያ የዚያ ከተማ ምርጫ ነው።

የከንቲባውን ሥልጣን በተመለከተ ግን ያነሳሽው ጥያቄ ከባድ ነው። ምክር ቤት በውሳኔ የፈቀደውን ለማንሳት የምክር ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል የሚል ጠንካራ ክርክር አለ። በሌላ በኩል የውጭ ግንኙነትን ማስኬድ የአስፈጻሚው ሥራ ነው፣ ምክር ቤቱ የፈቀደው እንዲፈርም እንጂ እንዲቀጥል አላስገደደውም የሚልም አለ። የከተማው ቻርተር ካልመለሰው እንደ ዳኛው ነው።

---

ሐና ምክር ቤት

እኔ ሁለተኛውን አልቀበለውም። ምክር ቤት ስንሆን የፈቀድነው ወረቀት እንዲፈረም ሳይሆን ግንኙነት እንዲኖር ነው። ግን ገባኝ፣ እዚህ አንጨርሰውም።

---

እማማ ፋይል

ለዚህ ነው የማቋረጫ አንቀጽ የሚያስፈልገው። ሁለቱም የያዛችሁትን ክርክር ያስቀረዋል። አንዱ ወገን ከ6 ወር በፊት በጽሑፍ አሳውቆ ማቋረጥ ይችላል ይባል። ማሳወቂያውን ማን እንደሚፈርም፣ የምክር ቤት ውሳኔ ያስፈልግ እንደሆነ ይጻፍ። የተጀመሩ ሥራዎች፣ ለምሳሌ እዚያ ያሉ ተማሪዎች፣ እስኪጨርሱ ይቀጥላሉ ይባል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከተሞች ሲኳረፉ መሀል ላይ የሚቀሩት ልጆች ናቸው።

በራሱ የሚታደስ የሚለውንም አልወደውም። ማንም ሳያስታውሰው 30 ዓመት ይኖራል። አንድ ቀን የውጭ ከተማው ልዑክ ይመጣና ፋይሉን የሚያውቅ ሰው አይገኝም። 5 ዓመት ሲሞላ ምክር ቤቱ አይቶ ያድሰው።

---

ማኅደር

ዛሬ ረቂቁን አስተካክዬ ለአለቃዬ ሰጠሁ። የወጣቶቹን ቁጥርና ወጪ ወደ ዓመታዊ እቅድ አወጣሁት። የበጀቱን ዓረፍተ ነገር፣ የማቋረጫውን አንቀጽና የእድሳቱን አስገባሁ። ግዴታ አይፈጥርም የሚለውንም ጨመርኩ። ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የማሳወቂያ ደብዳቤም አብሮ ሄዷል።

የውጭ ፖሊሲውን አንቀጽ ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። ማታ ከሌላኛው ከተማ መልስ መጣ። ሌላውን ሁሉ ተቀብለዋል። ያንን አንቀጽ ግን ካላስገባችሁ አንፈርምም አሉ። አማራጭ ብለው የላኩት «ሁለቱ ከተሞች የሁለቱን አገሮች የዲፕሎማሲ ግንኙነት መሠረት በማድረግ ይሠራሉ» የሚል ነው። ይህኛው ይሻላል?

---

ዳኛቸው የሕግ

በጣም ይሻላል። «ይደግፋል» የሚለው ከተማዋን አቋም ያስይዛታል። ይህኛው ያለውን እውነታ ነው የሚጠቅሰው። ቢሆንም መግቢያው ላይ ይግባ፣ ከተቆጠሩት አንቀጾች ውስጥ አይሁን። መግቢያ የሰነዱን መንፈስ ነው የሚናገረው። ነገ «አንቀጽ 3ን ጥሳችኋል» የሚል ደብዳቤ እንዳይመጣባችሁ ነው።

---

እማማ ፋይል

እኔ አሁንም ባይገባ እመርጣለሁ። ግን ዳኛቸው እንዳለው መግቢያው ላይ ከሆነ ልትኖሩበት ትችላላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት የውጭ ጉዳይ መልስ በጽሑፍ እስኪደርስሽ ጠብቂ፣ ልጄ። በስልክ «ችግር የለውም» ቢሉሽ ፋይል ውስጥ አይገባም። ሲፈረምም በሁለቱም ቋንቋ ሁለት ሁለት ዋና ቅጂ ይሁን። አንዱ ስብስብ መዝገብ ቤት ይግባ፣ ከንቲባው ቢሮ አይቅር።